ኢንቨስተሩ 10 ለ 1 አላመነኝም፤ ሒሳቤ የት ጋ ነው የተበላሸው?

ቀጠሮ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ለክሊኒኮች የቀጠሮ መያዣ ሶፍትዌር እንሸጣለን። ክፍያው በወር 40 ዶላር ነው። ቀጠሮ ሲቃረብ ለታካሚው አስታዋሽ ኤስኤምኤስ ይልካል፤ ክሊኒኮቹ በጣም የሚወዱትም እሱን ነው። ከጀመርን አንድ ዓመት ተኩል ሆነን፣ አሁን 400 ከፋይ ደንበኛ አለን። ገንዘብ ለማሰባሰብ ዕቅድ አዘጋጅቼ ለአንድ ኢንቨስተር ላክሁ። የዩኒት ኢኮኖሚክሱ ገጽ ላይ ያለው ይኼ ነው።

በየወሩ 10 ደንበኛ ይለቀናል። ከ400 ሲታሰብ 2.5 በመቶ ነው። ስለዚህ አንድ ደንበኛ በአማካይ 40 ወር ይቆያል። 40 ወር በ40 ዶላር ሲባዛ ኤልቲቪው፣ ማለትም አንድ ደንበኛ በቆይታው ሁሉ የሚያስገኝልን፣ 1,600 ዶላር ይመጣል። ባለፉት 6 ወራት ደግሞ ለማስታወቂያ 24,000 ዶላር አውጥተን 150 አዲስ ደንበኛ አገኘን። አንድ ደንበኛ ለማምጣት የሚወጣው ወጪ፣ ካኩ፣ 160 ዶላር ነው። ሬሾው 10 ለ 1 ሆነ።

የመጣልኝ መልስ ሁለት መስመር ብቻ ነው። «10 ለ 1 ከሆነ የእኛ ገንዘብ ለምን ያስፈልጋችኋል? የኮሆርት ሠንጠረዡን ላኩልን።» በአንድ ወር ከገቡ ደንበኞች በየወሩ ስንቱ እንደቀሩ የሚያሳየውን ማለቱ ነው።

ስድብ ይሁን ጥያቄ አልገባኝም። ከጠየቅሁት ገንዘብ አብዛኛው ማስታወቂያውን ሦስት እጥፍ ለማድረግ ነው። ምን አጥፍቼ ነው?

ሦስት_ለአንድ

ወንድሜ ምንም አላጠፋህም። ሕጉ 3 ለ 1 ነው። 10 ማለት ማስታወቂያ ላይ ቆጥበሃል፣ ቶሎ ማደግ ስትችል ቀስ እያልክ ነው ማለት ነው። «ገንዘቡን የፈለግሁት ለዚሁ ነው» በለውና ጨርስ።

አንድ ነገር ግን አስተካክል። ኤልቲቪ ላይ ገቢው ሳይሆን ትርፉ ነው የሚገባው። 40ውን ዶላር እንዳለ አትውሰድ። ሰርቨር ምናምን ቀንስ።

ቀጠሮ

እህት ነኝ :) ግን አመሰግናለሁ።

እሺ፣ ቀነስኩ። ከ40ው ላይ ኤስኤምኤሱ 6 ዶላር ይወስዳል፣ ሰርቨር 3፣ የካርድ ክፍያ ኮሚሽን 1.50። የድጋፍ ሠራተኞቻችን ደመወዝ ለደንበኛ ሲካፈል 5.50 ይመጣል። ሲደመር 16። የሚተርፈን 24 ዶላር ነው። በ40 ወር 960። አሁንም 6 ለ 1 ነው፤ ጥሩ አይደል?

የድሮ_ተንታኝ

አንዴ ቆዩ። ከ400ዎቹ ውስጥ የዓመቱን አስቀድመው የከፈሉ አሉ? ስንት ናቸው? የዓመት ክፍያ የጀመራችሁትስ መቼ ነው?

ቀጠሮ

200 ናቸው። ልክ ግማሹ። የጀመርነው ከ10 ወር በፊት ነው። ዓመቱን በ400 ዶላር፣ ሁለት ወር ነፃ እንደማለት ነው።

የድሮ_ተንታኝ

ያው እዚያ ላይ ነው።

የዓመቱን የከፈለ ሰው ዓመቱ ሳያልቅ ሊለቅሽ አይችልም። ቢጠላችሁም፣ ሶፍትዌሩን ከፍቶት ባያውቅም፣ ቆጠራው ላይ ደንበኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ እንኳ የሚያድሱት ገና ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ በየወሩ የሚለቁት 10 ሰዎች በሙሉ ከወርኃዊዎቹ ናቸው። አንቺ ግን መልቀቅ የማይችሉትንም ጨምረሽ አካፈልሻቸው። ቁጥሩ ግማሽ የሆነው ለዚህ ነው።

10ን ለ200 አካፍዪው። 5 በመቶ ነው። 40 ወር ያልሽው 20 ወር ሆነ። በ24 ዶላር ትርፍ ሲባዛ 480 ዶላር።

ስለ ዓመታዊዎቹ ደግሞ የምታውቂው ነገር የለም። የሚለቁት ዜሮ በመቶ አይደለም፣ 2.5ም አይደለም። ገና አልታየም። አይተሽው የማታውቂውን ነገር ካየሽው ጋር ደባልቀሽ አማካይ ማውጣት አይቻልም።

በዚህ ላይ ኩባንያው አንድ ዓመት ተኩል ነው ዕድሜው። አንድም ደንበኛ 40 ወር ቆይቶላችሁ አያውቅም። ከዕድሜያችሁ በእጥፍ የሚበልጥ ቁጥር ገጹ ላይ ሲያይ ኢንቨስተሩ ሒሳቡን አይፈትሽም፤ በቀጥታ ኮሆርቱን ይጠይቃል። ጠይቋል። ስድብ አይደለም፣ እንዲያውም ፍላጎት ባይኖረው ኖሮ ዝም ይልሽ ነበር።

ሦስት_ለአንድ

እሺ 480 ይሁን። 480 ለ160 ልክ 3 ለ 1 ነው። አልፋለች!

የድሮ_ተንታኝ

160ውን ማን አመነው? ቀጠሮ፣ ደንበኞቹ ማስታወቂያ አይተው ራሳቸው ነው የሚገዙት ወይስ የሚሸጥላችሁ ሰው አለ? ያለ ማስታወቂያ የመጡስ አሉ?

ቀጠሮ

ሁለት የሽያጭ ሠራተኞች አሉን። በወር 1,500፣ 1,500 ይከፈላቸዋል። ፊርማ ባመጡ ቁጥር 40 ዶላር ኮሚሽን አላቸው። ከ150ዎቹ 60ዎቹ ሌላ ክሊኒክ ነግሯቸው ራሳቸው የደወሉ ናቸው። በማስታወቂያ የመጡት 90 ናቸው።

ሦስት_ለአንድ

ኧረ! በ6 ወር ደመወዙ 18,000፣ ኮሚሽኑ 6,000። ከማስታወቂያው ጋር 48,000 ሆነ። ለ90 ሲካፈል 533 ዶላር። ኤልቲቪውን በለጠው እኮ።

የድሮ_ተንታኝ

ድምሩ ልክ ነህ፤ አካፋዩ ላይ ግን ቸኮልክ። ራሳቸው የደወሉት 60ዎቹም ከሻጮቹ ጋር ተነጋግረው፣ ማሳያ አይተው ነው የፈረሙት። ኮሚሽንም ተከፍሎባቸዋል። የሽያጭ ክፍሉ 24,000 ለ150ዎቹም ይካፈል፤ ለአንድ ሰው 160 ዶላር። የማስታወቂያው 24,000 ግን የ90ዎቹ ብቻ ነው፤ ወደ 267 ዶላር።

ስለዚህ ሁለት ካክ አለሽ። በሰው በሰው ሰምቶ የመጣው 160 ዶላር አስወጣሽ። በማስታወቂያ የመጣው 427። ዕቅድሽ ላይ ሁለቱንም ለየብቻ ጻፊያቸው። አማካዩን 320 ብለሽ ብትጽፊ ውሸት አይደለም፤ ኢንቨስተሩ ግን ገንዘቡ የሚገባው ማስታወቂያ ውስጥ ስለሆነ እሱን የሚመለከተው 427ቱ ነው።

ሻጭ_ነኝ

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ደመወዝ ቋሚ ወጪ ነው። አንድ ደንበኛ ብናመጣም መቶ ብናመጣም ያው 1,500 ነው። ሁሌ ሽያጭ ክፍሉን ውድ ለማስመሰል ደመወዛችንን ካክ ውስጥ ይከቱታል። ኮሚሽኑ ይግባ፣ እሺ። ደመወዙ ግን ከፕሮግራመሮቹ ደመወዝ በምን ይለያል?

የድሮ_ተንታኝ

ፕሮግራመሮቹ ሥራ ቢያቆሙ በሚቀጥለው ወር አዲስ ደንበኛ ይመጣል። እናንተ ብታቆሙ አይመጣም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

«ቋሚ» የሚባለውም እስከተወሰነ ድረስ ነው። ሁለት ሰው በወር 25 ፊርማ እያመጣ ነው። ማስታወቂያው ሦስት እጥፍ ሆኖ በወር 60 ሰው ቢደውል ሁለት ሰው ሁሉንም ያስተናግዳል? ሦስተኛና አራተኛ ይቀጠራል። እንግዲህ ቋሚ አልነበረም ማለት ነው።

ሻጭ_ነኝ

60 ሰው ቢደውል እኔ ለብቻዬ እሞክረው ነበር፤ ግን ገባኝ። ሙሉ በሙሉ አላሳመንከኝም።

ልብስ_በኦንላይን

እኔም ማስታወቂያ በጣም ተወድዶብኛል። ልብስ ነው የምሸጠው። አንድ ደንበኛ ለማምጣት 9 ዶላር ይወስድብኛል። ማስታወቂያውን ለማርከስ ምን ብታደርጉ ይሻላል ትላላችሁ? ቪዲዮ ነው ወይስ ፎቶ የሚሻለው? ደግሞ የእኔን ቸርን፣ የሚለቁኝን ደንበኞች መጠን ማለቴ ነው፣ እንዴት ላስላው? ማንም ሰው «ለቅቄአለሁ» ብሎኝ አያውቅም።

የድሮ_ተንታኝ

የመጀመሪያው ጥያቄህ ሌላ ክር ይፈልጋል። ሁለተኛው ግን ጥሩ ነው። አንተ ጋ ውል የለም፤ ሰው ዝም ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ የቸርን ፎርሙላ አይሠራልህም፣ አትሞክረው። በአንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዙትን ሰብስብና፣ እነዚያው ሰዎች በቀጣዮቹ 12 ወራት በድምሩ ስንት ትርፍ እንዳስገኙልህ ቁጠር። ለሰዎቹ ቁጥር አካፍል። ከ9 ዶላሩ ጋር የምታወዳድረው እሱን ነው።

ገና_ጀማሪ

ጥያቄዬ ሞኝ ካስመሰለኝ ይቅርታ። 427 ዶላር አውጥታ በወር 24 ካገኘች በ18 ወር ገንዘቧ ይመለሳል። ደንበኛው በአማካይ 20 ወር ይቆያል ተብሏል። 18 ከ20 ያንሳል። ታዲያ ችግሩ ምንድነው?

የድሮ_ተንታኝ

ሞኝ ጥያቄ አይደለም። ፒች ዴክ ላይ ከሚቀርቡት የፔይባክ ስሌቶች ብዙዎቹ ልክ እንዲህ ናቸው፤ ችግራቸውም ያው ነው።

18 ወር የሚሆነው ደንበኛው እስከ 18ኛው ወር ከቆየ ነው። በወር 5 በመቶ እየለቀቀ ግን 100 ሰው ብታመጪ 18ኛው ወር ላይ የምታገኚያቸው 40 ያህሉን ነው። 60ዎቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ ለእነሱም 427 ተከፍሎባቸዋል። የቀሩት የሄዱትንም ዕዳ ይከፍላሉ። ስፕሬድሺት ላይ ይኼን ጻፊና ተመልከቺ፦

```
=480*(1-0.95^18)
```

289 ዶላር ነው የሚመጣው። በ18 ወር ውስጥ ከአንድ ካመጣሽው ሰው በአማካይ የሰበሰብሽው ያ ነው። 18ቱን እየጨመርሽ 427 እስኪደርስ ሂጂ። 43ኛው ወር ላይ ትደርሻለሽ።

3 ለ 1 የሚለውን ያስፋፋው ዴቪድ ስኮክ የሚባል የሶፍትዌር ኢንቨስተር ነው። አብሮ የተናገረው ሌላ ነገር ነበር፤ ደንበኛ ያመጣሽበት ወጪ ከ12 ወር ባነሰ ጊዜ ይመለስ ይላል። ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ጥሎታል።

(አንቺ እያልኩ ነው የጻፍኩልህ፤ ጀማሪ ወንድ ከሆንክ ይቅርታ።)

ገና_ጀማሪ

ወንድ ነኝ፣ ችግር የለውም። 18 ወሩ 43 ወር ሲሆን ግን ደነገጥኩ።

ቀጠሮ

እኔ ደግሞ ምን ልበል። ቢሆንም 480 ከ427 ይበልጣል፤ ኪሳራ ላይ አይደለንም ብዬ ራሴን እያጽናናሁ ነው።

የድሮ_ተንታኝ

አሁን የማልወደውን ጥያቄ ልጠይቅሽ። የማስታወቂያውን 24,000 በወር በወር ከፍለሽ አሳዪኝ። ስንት ወጣ፣ ስንት ሰው መጣ።

ቀጠሮ

በወር በወሩ ትንሽ ይዘላል። በሦስት በሦስት ወር ላድርገው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 8,000 አውጥተን 45 ሰው። የኋለኞቹ ሦስት ወራት 16,000 አውጥተን…

45 ሰው።

አሁን ነው ያየሁት።

የድሮ_ተንታኝ

ገንዘቡ እጥፍ ሆነ፣ ሰው አልጨመረም። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት አንድ ሰው በማስታወቂያ 178 ዶላር ነበር። በሁለተኛው 356። አማካዩ 267 ስለሆነ ሁለቱንም ደበቀልሽ። ዛሬ ላይ የሽያጩን 160 ስትጨምሪበት 516 ዶላር ነው። ከ480 በለጠ። አሁን በማስታወቂያ የምታመጪው እያንዳንዱ ደንበኛ 36 ዶላር ያከስርሻል፤ ያውም የቢሮ ኪራይና የፕሮግራመሮች ደመወዝ ሳይገባ።

መጀመሪያ ላይ ርካሽ የሆነው ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ያን ጊዜ የመጡት ድሮም የቀጠሮ ሶፍትዌር ሲፈልጉ የነበሩ ክሊኒኮች ናቸው። እነሱን ጨረሳችኋቸው። አሁን ማስታወቂያው የሚያገኘው በደብተራቸው ደስተኛ የሆኑትን ነው። ሦስት እጥፍ ስታደርጊው ደግሞ ከዚያም የባሰ ግድ የሌለው ጋ ትደርሻለሽ። ኢንቨስተር የሚገዛው ያለፈውን አማካይ አይደለም፤ በሱ ገንዘብ የሚመጣውን የሚቀጥለውን ደንበኛ ነው።

አንባቢ

ብሉ ኤፕረን የሚባለው፣ ለማብሰያ የተዘጋጀ የምግብ ግብዓት ቤት ለቤት የሚልከው የአሜሪካ ኩባንያ፣ የአክሲዮን ገበያ ሲገባ የሆነው ይኼው አይደል? በ2017። ሰነዳቸው ላይ አንድ ደንበኛ 94 ዶላር እንዳስወጣቸው ጽፈው ነበር። ከ2014 ጀምሮ ያለውን ወጪና ደንበኛ በሙሉ ደምረው ያወጡት አማካይ ነው። ሰዎች ቁጥሩን ፈታትተው ሲያዩት የቅርቡ ደንበኛ ከዚያ በጣም ውድ እንደሆነ ተከራከሩ። አክሲዮኑን ከ15 እስከ 17 ዶላር ሊሸጡ አስበው በ10 ሸጡት። የወደቀው በዚያ ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ በዚያው ሰሞን አማዞን ሆል ፉድስ የሚባለውን የምግብ መደብር ሊገዛ መሆኑ ተሰምቷል።

ሦስት_ለአንድ

ታዲያ ልጅቷ ድርጅቷን ትዝጋ ነው የምትሉት? 400 ከፋይ ደንበኛ ያለው ሰው እኮ ነው። ሁሉን ነገር በስፕሬድሺት መግደል ይቻላል።

የድሮ_ተንታኝ

ማንም ዝጊ አላላትም። 5 በመቶውንም ቢሆን ገና አላመንኩትም፤ ከእውነታው ሊከፋም ሊሻልም ይችላል። ደንበኛ በየወሩ እኩል አይለቅም። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ በብዛት ይሄዳል፣ የቀረው ይረጋል። አዲስ ሰው በብዛት በሚገባበት ድርጅት አማካዩ የጀማሪዎቹን መልቀቅ ብቻ ነው የሚያሳይሽ። ለዚህ ነው ኮሆርት የሚፈለገው። ቀጠሮ፣ ቢያንስ 12 ወር የሞላቸውን ወርኃዊ ደንበኞች ውሰጂ። በአንድ ወር የገቡትን ብቻ። በየወሩ ስንቱ እንደከፈለ ቁጠሪ።

ቀጠሮ

ሌሊቱን ሠራሁት። ከ14 ወር በፊት የገቡ 30 ክሊኒኮች ናቸው። ከመጀመሪያው ወር እስከ 12ኛው የከፈሉት እንዲህ ነው፦

```
30 26 24 22 21 20 20 19 19 19 18 18
```

ያልሽው ልክ ነው፣ ማለቴ ያልከው። (ወንድ ነህ አይደል?) 4ኛው ወር ላይ 8 ሰው ሄዷል። ከዚያ በኋላ በ8 ወር የሄደው 4 ሰው ብቻ ነው።

የድሮ_ተንታኝ

ወንድ ነኝ፣ ግድ የለም።

አሁን በእጅሽ የያዝሽው ነገር አለ። ቁጥሮቹን ደምሪያቸው፤ 256 ይመጣል። 30 ክሊኒክ በዓመት ውስጥ 256 ወርኃዊ ክፍያ ከፈለ ማለት ነው። ለአንዱ ስምንት ወር ተኩል፤ በ24 ዶላር ወደ 205 ዶላር። ይኼ ግምት አይደለም። ባንክ የገባ ነው። ገጹ ላይ መጀመሪያ ይኼ ይጻፍ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት ትችያለሽ፤ ግን ማለቂያ የሌለው አታድርጊው፣ 36ኛው ወር ላይ ቁረጪው። ከ5ኛው ወር ወዲህ በወር 2.2 በመቶ አካባቢ ነው የሚለቀው። በዚያው ቢቀጥል ከ13ኛው እስከ 36ኛው ወር ሌላ 265 ዶላር ያህል ታገኚያለሽ። ድምሩ 470።

ከ480 ጋር መቀራረቡ አያታልልሽ፣ አጋጣሚ ነው። ዋናው ቀዳዳው የት እንዳለ ማወቅሽ ነው። በፎርሙላው ሲታይ ደንበኞችሽ ሁሌም ይለቃሉ። በኮሆርቱ ሲታይ ግን የሚለቁት መጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ላይ ነው። እነዚያ 8ቱ እነማን ናቸው? ደውዪላቸው።

ቀጠሮ

ስድስቱን አገኘኋቸው። አምስቱ የታካሚዎቻቸውን ስም ዝርዝር ጨርሶ ሲስተሙ ላይ አልጫኑም። ደብተር ላይ ነበር፣ ወይ ድሮ የተሠራ ኤክሴል ላይ። «ስናገኝ ጊዜ እናስገባለን» ብለው ቀሩ። ዝርዝር ከሌለ ኤስኤምኤስ አይሄድም። ኤስኤምኤስ ካልሄደ ለምን ይከፍላሉ?

አንዷ ነርስ ያለችኝ አሳፈረኝ። «ሻጩ ከፈረምን በኋላ አልተመለሰም፤ እኛም አልደወልንለትም» አለችኝ።

ሻጭ_ነኝ

ይኼውላችሁ፣ ወደ እኛ መጣ። ኮሚሽኑ የሚከፈለው በፊርማ ነው እኮ! ሰው የሚከፈልበትን ነው የሚሠራው። ዝርዝር መጫን የማን ሥራ ነው? የማንም አይደለም። የማንም ያልሆነ ሥራ አይሠራም።

ቀጠሮ

እውነትህን ነው። ኮሚሽኑን ግማሹን በፊርማ፣ ግማሹን ክሊኒኩ ሦስተኛ ወሩን ሲከፍል ላደርገው ነው። ዝርዝር የሚጭንላቸው አንድ ሰው ደግሞ እቀጥራለሁ። በወር 900 ዶላር።

ሻጭ_ነኝ

ግማሹን ስትቀንሺ የሚለቅሽ ሻጭ ይኖራል፣ ከወዲሁ አስቢበት። እኔ ብሆን ሙሉውን በፊርማ ከፍለሽ፣ ሦስት ወር ለቆየው ተጨማሪ ብትሰጪ እመርጣለሁ።

የድሮ_ተንታኝ

በዚህ ላይ ሻጩን ብትሰሚው ይሻልሻል፤ እኔ ሸጬ አላውቅም።

እኔ አንድ ነገር አሰላሁ። ከ30ዎቹ 8 የሄዱት 4 ብቻ ቢሆኑ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቀጥል፣ 470ው ወደ 550 ይጠጋል። በማስታወቂያ ለሚመጣው 516 ዶላር ይኼም ብዙም አይፈይድም። በሰው በሰው ለሚመጣው 160 ግን ከ3 ለ 1 በላይ ነው። እንግዲህ የጠየቅሽው ገንዘብ ሥራው ይቀየራል ማለት ነው። ማስታወቂያ ሦስት እጥፍ የሚለውን አውጪው። ዝርዝር የሚጭኑ ሰዎች፣ ነባር ክሊኒክ ሌላውን ሲያመጣ የሚሰጠው ቅናሽ፣ እነዚህን አስገቢ። ቅናሹን ግን ካኩ ላይ መደመር እንዳትረሺ።

ገደቡንም እወቂው። በማስታወቂያ ገንዘብ ከፍለሽ ነገ ሰው ታመጫለሽ። በሰው በሰው የሚመጣውን እንዲያ ማዘዝ አይቻልም። በወር 10 የነበረው 15 ሊሆን ይችላል፤ 60 አይሆንም። የዕድገት መስመርሽ ይተኛል። አንዳንድ ኢንቨስተር ለዚህ ብሎ ይተውሻል።

ገና_ጀማሪ

900 የሚከፈለው ሰው ካክ ውስጥ ነው የሚገባው ወይስ ድጋፍ ውስጥ?

ሦስት_ለአንድ

ካክ። ደንበኛው ገና «ደንበኛ» እስኪሆን የሚወጣ ወጪ ሁሉ ካክ ነው። አንዴ ብቻ ነው የሚወጣበት።

አንባቢ

እኔ ጋ ድጋፍ ውስጥ ነው የምናስገባው። ከፍሏል፣ ደንበኛ ነው፣ አገልግሎት እየሰጠነው ነው። ሒሳብ ሠራተኛችንም እንደዚያው ነው የምትጽፈው።

የድሮ_ተንታኝ

ሁለቱም ይሠራበታል። እኔ ወደ ካኩ አደላለሁ፤ ግን የትም ይግባ፣ ሁለት ቦታ አይጥፋ። ያየሁት ትልቁ ስህተት የሽያጭ ክፍሉ «የድጋፍ ነው» ሲል፣ ድጋፉ «የሽያጭ ነው» ሲል፣ ወጪው ከሁለቱም ገጽ ላይ መጥፋቱ ነው።

---

*ከሁለት ወር ተኩል በኋላ*

ቀጠሮ

ቃል ስለገባሁ ተመለስኩ።

ገጹን እንደገና ጻፍኩት። 1,600 የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ የኮሆርቱ ሠንጠረዥ አለ፤ አንዱ ብቻ ሳይሆን ስድስት ወር የሞላቸው ሁሉም። ከሥሩ 205 ዶላር፣ «በ12 ወር የተሰበሰበ» ብዬ። ከዚያ 470፣ «እስከ 36 ወር፣ ግምት» ተብሎ። ካኩን ሁለት አድርጌ ለየሁት፤ የማስታወቂያውንም በሩብ ዓመት በሩብ ዓመት፣ 356ቱን ጭምር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የላክሁት። የጠየቅሁትን ገንዘብ ከግማሽ በታች አወረድኩት።

ኢንቨስተሩ በማግስቱ ደወለ። 40 ደቂቃ አወራን። ከ40ው 30ው ስለ ስም ዝርዝር አጫጫን ነው። እሺም እምቢም አላለም። የዓመታዊዎቹን እድሳት አይተን እንነጋገር አለ።

እድሳቱ ደግሞ መጣ። የመጀመሪያው ወር የዓመት ከፋዮች 23 ነበሩ። ያደሱት 14 ናቸው።

ሦስት_ለአንድ

61 በመቶ። ከወርኃዊዎቹ ጋር አንድ አይደል? ከ30 18ቱ 60 በመቶ ነው።

ቀጠሮ

አንድ ነው። እኔ ዓመታዊዎቹ የበለጠ የሚወዱን ነበር የሚመስለኝ። መልቀቃቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው እንጂ።

አንባቢ

23 ሰው ትንሽ ነው ግን። ሁለት ሰው ቢቀየር ቁጥሩ ይዘላል።

የድሮ_ተንታኝ

ትንሽ ነው፣ አዎ። የሚቀጥሉት ሁለት ወራት እድሳት ይጨመርበት። አንድ ነገር ብቻ፤ ካላደሱት 9ኙ ውስጥ ዝርዝር ያልጫኑት ስንት ናቸው?

ቀጠሮ

7።

አዲሱ ዝርዝር ጫኝ ከጀመረ ስድስት ሳምንቱ ነው። በሱ እጅ ያለፉት 31 ክሊኒኮች ናቸው፤ እስካሁን 2 ለቀዋል። ሦስተኛ ወራቸው ገና ስላልደረሰ ምንም አልልም። ደመወዙን ለጊዜው ሁለቱም ጋ አስልቼ፣ በሁለት አምድ ነው የላክሁለት። የፈለገውን ይምረጥ።

ሻጭ_ነኝ

ኮሚሽኑስ ምን ሆነ?

ቀጠሮ

አንተ ባልከው መንገድ አደረግሁት። አንዱ ሻጭ ግን ለቀቀ።